ጭስ ሁሌ ጣሪያ አይደርስም፦ ስለ ሂት፣ ቢምና አስፓይሬቲንግ ለተጻፈው ምላሽ

«ኩሽና ውስጥ ስሞክ ዲቴክተር አታስገቡ። 57 ዲግሪ የሚለውን ሂት ዲቴክተር ገዝታችሁ ስቀሉ። ሁሉም ሂት አንድ ነው።»

«መጋዘን ላይም ሂት ይበቃል። ድሬዳዋ አቧራ ናት፤ አቧራ ሂትን አያታልለውም።»

«ቢም ዲቴክተር ጊዜው ያለፈበት ነው። ወፍ ባለፈ ቁጥር ይጮሃል።»

«አትሪየም ላይ ጣሪያው ስር መስቀል ነው። ጭስ ሁሌም ወደ ላይ ነው የሚሄደው።»

«አቅሙ ያለው ደግሞ በሁሉም ቦታ አስፓይሬቲንግ ያስገባ። ከሁሉም ይበልጣል።»

ስለ እሳት ጠቋሚ ዕቃዎች የተጻፉት እነዚህ አምስት ነጥቦች ሰሞኑን ድሬ ውስጥ ሆቴል የሚያስተዳድር፣ መጋዘን የሚያከራይ፣ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ ደርሰዋል። ለእኔ ብቻ ሦስት ደንበኞች ልከውልኛል። አንዱማ «ዋሪያ፣ የሰቀልክልኝን ቢም ላስነቅለው እንዴ?» ብሎ ነው የጻፈልኝ። ለእሱ በስልክ መለስኩለት። ለሌላው ደግሞ ይኸው። ለማያውቀው፦ ስሞክ ጭስ ሲያይ፣ ሂት ሙቀት ሲሰማ ይጮሃል፤ ቢምና አስፓይሬቲንግም ጭስ ነው የሚያዩት፣ እንዴት እንደሆነ በየቦታቸው እመጣበታለሁ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ከጽሑፋቸው ግን መሰላል ላይ የወጡ፣ በውሸት አላርም የተማረሩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ምሬታቸውንም እጋራለሁ። በየሳምንቱ በከንቱ የሚጮህ ሲስተም መጨረሻው መዘጋት ነው። የማልስማማው በመፍትሔያቸው ነው። ሁሉንም ነገር የሚያዩት ከዕቃው አንጻር ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የማየው ጣሪያውን ነው፦ ስንት ሜትር ከፍታ አለው? ቀትር ላይስ ምን ያህል ይግላል?

ኩሽናው

ስለ ስሞክ ያሉት ትክክል ነው። ቁሌት የሚቁላላበት፣ ቡና የሚቆላበት ቤት ውስጥ ስሞክ መስቀል ሠራተኛውን ከፓኔሉ፣ አላርሙን ከሚቆጣጠረው ሣጥን፣ ጋር ማጣላት ነው። ኩሽና የሂት ቤት ነው። ይህን ያለ ክርክር እቀበላለሁ።

57 ዲግሪዋ ግን ሰላም አትሰጠኝም። 57 ማለት ዲቴክተሩ የሚጮህበት ሙቀት ነው። በሙያው የታወቀ ደንብ አለ፦ የዲቴክተሩ ቁጥር ኮርኒሱ በደህና ቀን ከሚደርስበት ከፍተኛ ሙቀት ቢያንስ በ11 ዲግሪ መብለጥ አለበት። ስለዚህ የ57ቱ ዲቴክተር የሚሆነው ከ46 ዲግሪ ለማያልፍ ኮርኒስ ነው። ባለፈው ግንቦት አንድ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው ሁለት ሜትር ገደማ ራቅ ብዬ፣ ኮርኒሱ ላይ ቴርሞሜትር ለጥፌ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ 49 አነበበ። ማንም ምንም አላቃጠለም። የተለመደ የድሬ ቀን ነው። እዚያ የሚሰቀለው በተለምዶ 88 ተብሎ የሚሸጠው ነው፤ አውሮፓ ሠራሽ ከሆነ ደግሞ ከ69 እስከ 85 ዲግሪ ባለው መካከል የሚጮኸው ክፍል ቢ የሚባለው።

ሐረር ላይ ይኸው ኩሽና ቢሆን 57ቱ ሊያስኬድ ይችላል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ ደግሞ 1,200 አካባቢ። በመሃላቸው ያለው መንገድ አጭር ነው። የአየሩ ልዩነት ግን ሹራብ የሚያስወልቅ ነው። የሐረርን ዝርዝር ገልብጦ ድሬ ላይ መስቀል አይሆንም።

«ሁሉም ሂት አንድ ነው» ለሚለው አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። አንድ ምግብ ቤት በየጊዜው በውሸት እየጮኸ ቸገረን ብለው ጠሩኝ። ስደርስ ዲቴክተሩ ላይ ፌስታል አጥልቀውበታል፣ በላስቲክ ጠብቆ ታስሯል። ፓኔሉን ከፍቼ መዝገቡን አየሁ። አላርሞቹ ሁሉ 05:10፣ 05:25፣ 05:40 ይላሉ። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት አለፍ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ኩሽና ውስጥ ምን ይሠራል? እንጀራ ይጋገራል። ዲቴክተሩ ምጣዱ አናት ላይ ነው። አክምባሎው በተነሣ ቁጥር የታፈነው እንፋሎት ቀጥ ብሎ ይወጣና ይመታዋል።

ዲቴክተሩ አልተበላሸም ነበር። ዓይነቱ ነው የተሳሳተው። ሂት ዲቴክተር ሁለት ጠባይ አለው። አንዱ የተወሰነ ሙቀት እስኪደርስ ዝም ይላል፣ ሲደርስ ይጮሃል። ሌላው ከዚያ በተጨማሪ ሙቀቱ የሚጨምርበትን ፍጥነት ይለካል። በደቂቃ 8 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ገና 40 ላይ ቢሆንም ይጮሃል። ጣሪያው ዝቅ ላለ የልብስ ማከማቻ ወይም ለቢሮ ይኼኛው ግሩም ነው፤ ቀድሞ ይነግራል። ምጣድ፣ ዳቦ መጋገሪያ ወይም እንፋሎት ባለበት ግን አይሆንም። እዚያ የሚያስፈልገው ፍጥነት የማይቆጥረው ነው። አውሮፓ ሠራሹ ላይ ከክፍሉ ፊደል ቀጥሎ አር ካለ ፍጥነት ይቆጥራል፣ ኤስ ካለ ቁጥሩን ብቻ ይጠብቃል። ዲቴክተሩን ወደ ኤስ ቀየርኩ፤ ከምጣዱም ሁለት ሜትር ተኩል አራቅኩት። ፌስታሉ ለቲማቲም ዋለ።

ጸሐፊው የዘለሉት አንድ ነገር አለ። ምድጃው ላይ ትልቅ ጭስ ሳቢ ካለ፣ የዘይት እሳት ሲነሣ ሙቀቱን ሳቢው ይውጠዋል። እሳቱ ቱቦው ውስጥ ገብቶ የተጠራቀመውን ቅባት እያቃጠለ፣ ኮርኒሱ ላይ ያለው ሂት ምንም ላይሰማ ይችላል። ሳቢው የራሱን ማጥፊያ ይፈልጋል። የኮርኒሱ ሂት እሱን አይተካም።

መጋዘኑ

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው። አቧራ ሂትን አያታልለውም? አዎ፣ አያታልለውም። ነገር ግን በውሸት የማይጮህ ሁሉ በእውነት በጊዜ ይጮሃል ማለት አይደለም።

አንድ መጋዘን እንውሰድ። ወርዱ 24 ሜትር፣ ርዝመቱ 40 ሜትር፣ ከፍታው 10 ሜትር። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። ድሬ ውስጥ እንዲህ ያለው ሞልቷል። በካርቶን የታሸገ ዕቃ ፓሌት ላይ ተደርድሯል። ቀትር ላይ ከቆርቆሮው ሥር ያለው አየር 45 ዲግሪ ነው እንበል። የባሰም አይቻለሁ። በ11 ዲግሪው ደንብ 57ቱ እዚህ ለጥቂት ነው የሚያልፈው፣ በባሰው ቀን ይወድቃል፤ ስለዚህ የ88ቱን ሰቀልን።

አሁን እሳት ይነሣ። ከእሳቱ አናት 5 ሜትር ወደ ጎን ያለ ዲቴክተር ምን ያህል ሙቀት ይደርሰዋል? ለዚህ በ1972 የታተመና እስከ ዛሬ የሚሠራበት የአልፐርት ቀመር አለ፦

```
ΔT = 5.38 × (Q / r)^(2/3) / H
```

ΔT ጣሪያው ሥር የሚጨምረው ዲግሪ ነው። Q የእሳቱ ኃይል በኪሎዋት፣ r ወደ ጎን ያለው ርቀት በሜትር፣ H ከእሳቱ እስከ ጣሪያ ያለው ከፍታ በሜትር። ቀመሩ የተሠራው ለጠፍጣፋ ጣሪያ ነው። ጋድሞ ለወጣ ቆርቆሮ ውጤቱ ትንሽ ይለያል፤ ለግምት ግን ይበቃል።

ዲቴክተሩ 88 ላይ እንዲደርስ በ45 ላይ 43 ዲግሪ መጨመር አለበት። H 10፣ r 5 አድርጋችሁ ብታሰሉት እሳቱ 3,600 ኪሎዋት ገደማ መሆን አለበት። ኪሎዋት ለማይታየው ሰው እንዲህ ልበል፦ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ነው። ስለዚህ ዲቴክተሩ የሚነቃው አንድ ሺህ ምጣድ ባንዴ ሲግል ነው። የተደረደረ ካርቶን እዚያ ከደረሰ በኋላ በእጅ ማጥፊያ የሚጠጋው ሰው የለም።

ገና አልጨረስኩም። ይህ የቀትሩ ሒሳብ ነው። ሌሊት ጣሪያው ሥር ያለው አየር ወደ 25 ዲግሪ ይወርዳል። ያው ዲቴክተር አሁን 63 ዲግሪ ጭማሪ ይፈልጋል። ያኔ እሳቱ 6,300 ኪሎዋት መድረስ አለበት፤ ማለትም 1,800 ምጣድ። ለቀትር ሙቀት ብለን የመረጥነው ዲቴክተር ሌሊት፣ ዘበኛው ብቻ ባለበት ሰዓት፣ ይበልጥ ይደነቁራል። በዚያ ላይ የዲቴክተሩ አካል ራሱ እስኪግል የሚወስደውን ጊዜ አልቆጠርኩም።

ያንኑ ቀመር ወደ ኩሽናው መልሱት። ከምድጃ እስከ ኮርኒስ 2 ሜትር፣ ወደ ጎን 2 ሜትር። የተቀጣጠለ መጥበሻ 100 ኪሎዋት ቢሆን 36 ዲግሪ ይጨምራል። 49 የነበረው 85 ሆነ። ትንሽ ቢብስ 88ቱ ይጮሃል። ዲቴክተሩ ያው ነው። የተለየው ከእሳቱ ያለው ርቀት ነው። ሂት ኩሽና ውስጥ የሚያዋጣው እሳቱ ቅርብ ስለሆነ እንጂ ጎበዝ ስለሆነ አይደለም።

«ብዙ ሂት እንስቀል» የሚል ካለ፣ ይሰቀል። በእንግሊዞቹ ደንብ አንድ ሂት ወደ ጎን የሚሸፍነው 5.3 ሜትር ነው። ይህ ማለት በየ7.5 ሜትሩ አንድ ነው። ለዚህ መጋዘን 24 ዲቴክተር ይሆናል። ሃያ አራቱንም 10 ሜትር ላይ ወጥቶ መፈተሽ ነው። በየዓመቱ ስካፎልዲንግ የሚያቆም ባለ መጋዘን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ያ «ጊዜው ያለፈበት» ቢም

ለዚያ መጋዘን የምሰቅለው ሁለት ቢም ነው። ቢም ማለት ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ የማይታይ ብርሃን የሚልክ ዲቴክተር ነው። ማዶ ያለው ሪፍሌክተር ይመልስለታል፣ ወይም ተቀባይ ዕቃ ይጠብቀዋል። ጭስ ሲገባበት ብርሃኑ ይደክማል። ለምሳሌ 35 ከመቶው ከጠፋና ጥቂት ሴኮንድ ከቆየ ይጮሃል።

ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ጭስ 10 ሜትር ሲወጣ ከአየር ጋር እየተቀላቀለ ይሳሳል፣ ይሰፋል። አንድ ቦታ ላይ ለተሰቀለ ዲቴክተር ይህ መጥፎ ዜና ነው። ቢም ግን በመንገዱ ላይ ያለውን ጭስ ሁሉ ይደምራል። የሳሳ ጭስ 10 ሜትር ተዘርግቶ ከቆመ ለእሱ ወፍራም ጭስ ነው። አንድ ቢም እስከ 100 ሜትር ርዝመት ይሄዳል፤ ወደ ግራና ቀኝ 7.5 ሜትር ይሸፍናል። የእኛ መጋዘን 24 ሜትር ወርድ ስላለው ሁለቱን ከየግድግዳው 6 ሜትር፣ በመሃላቸው 12 ሜትር አድርጎ ማስኬድ ይበቃል።

ወደ ወፏ እንምጣ። የምትበር ወፍ ብርሃኑን ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው የምታቋርጠው። ዲቴክተሩ ያን ያህል አይቸኩልም። ብርሃኑ ባንዴ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ደግሞ እሳት አይልም። ፎልት ነው የሚለው፣ ብልሽት አለብኝ እዩኝ ማለቱ ነው፤ ጭስ ባንዴ ድርግም አያደርግምና። ወፍ ባለፈች ቁጥር የሚጮህ ቢም ካለ የተስተካከለበት መንገድ ይታይ።

ለጸሐፊው የምሰጠው ነገር ግን አለኝ። የምትበረው ወፍ ሳትሆን የምትቀመጠው ርግብ ናት ችግሯ። ሪፍሌክተሩ አናት ላይ ጎጆ ትሠራለች፣ ጭራዋን ታንጠለጥላለች፣ ግማሹን ትሸፍናለች። ያ የውሸት አላርም ያመጣል። ከላዩ የተጋደመ ቆርቆሮ ወይም ሾጣጣ ሽቦ ይገላግላል። ሌላው ባለ ዕቃው ነው። ቦታ ሲጠበው ካርቶኑን እየቆለለ ቢሙ መንገድ ድረስ ያደርሰዋል። በብርሃኑ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ነጻ መሆን አለበት። እኔ ግድግዳው ላይ ቀይ መስመር አሰምራለሁ፤ ከዚህ በላይ አትቆልል ነው።

እውነተኛው የድሬ የቢም ችግር ግን ብረት ነው። ይህን በራሴ ስህተት ነው የተማርኩት። የመጀመሪያ ቢሜን የሰቀልኩት ቆርቆሮው የተመታበት ስስ ብረት ላይ ነበር፣ ለመሥራት ስለሚመች። ሳምንት ሳይሞላ ፎልት ጀመረ። በየቀኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ይመጣል፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ ራሱ ይጠፋል። መስታወቱን ጠረግኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ። አንድ ቀን እዚያው ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። 8 ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ብረቱ ግሎ እየተለጠጠ ነው። ዕቃው አብሮት ይዞራል። ግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢዞር፣ 40 ሜትር ማዶ ላይ ብርሃኑ 35 ሳንቲሜትር ይሸሻል። ሪፍሌክተሩ እኮ መዳፍ ቢያክል ነው!

መድኃኒቱ ዕቃውን ወደ ኮንክሪት ምሰሶ ማዛወር ነበር። ምሰሶ ከሌለ ዋናው የብረት ቋሚ ላይ። ሪፍሌክተሩ ትንሽ ቢነቃነቅ ግድ የለም፣ ብርሃኑን የሚመልሰው ወደ መጣበት ነው። ብርሃን የሚልከው ግን ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከዚያ ወዲህ ቢም የማስተካክለው ጠዋት አይደለም። ሞቃቱ ሰዓት ላይ ነው፣ ማታ ደግሞ ተመልሼ አያለሁ።

አቧራውም እውነት ነው። ቢም አቧራ ሲለብስ ቀስ እያለ ራሱን ያካክሳል። ማካካሻው ጣራ ሲነካ ጽዱልኝ ብሎ ፎልት ይሰጣል። በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል፣ አለቀ። ሁለት ዕቃና ሁለት ሪፍሌክተር መጥረግ 24 ሂት ከመፈተሽ ይቀላል።

አንድ ፈተና ደግሞ ማንም ባለ መጋዘን ባለሙያውን ይጠይቅ። ሪፍሌክተሩን በጨርቅ ሙሉ በሙሉ ይሸፍንላችሁ። ፓኔሉ ፎልት ማለት አለበት። ዝም ካለ፣ ቢሙ የሚያየው ሪፍሌክተሩን አይደለም፤ አጠገቡ ያለ አዲስ የሚያብለጨልጭ ብረት ነው ብርሃኑን የሚመልስለት። እንዲህ ያለው ቢም ለዓመታት አረንጓዴ መብራት እያሳየ ጭስ አጠገቡ ቢያልፍ ላያውቅ ይችላል።

አትሪየሙ

አትሪየም እያሉ የሚጠሩት ሆቴሎች መሃል ላይ ከመሬት እስከ መስታወት ጣሪያ ክፍት የሚተዉትን ቦታ ነው። ጭስ ወደ ላይ የሚወጣው ለምንድን ነው? ከአካባቢው አየር ስለሚሞቅ ነው። አካባቢው ከእሱ ከሞቀስ?

አምስት ፎቅ ያለው፣ 18 ሜትር ከፍታ ያለው ሆቴል አስቡ። ሎቢው ቀዝቀዝ ብሎ 28 ዲግሪ ነው። መስታወቱ ሥር ያለው አየር ፀሐይ ሲመታው ውሎ 45 አልፏል። ሎቢ ውስጥ ያለ የቆሻሻ ቅርጫት ተቀጣጠለ፣ 50 ኪሎዋት ገደማ። ጭሱ እየወጣ ቀዝቃዛ አየር ይስባል፣ ይቀላቀላል። 15 ሜትር ላይ ሲደርስ ከሎቢው አየር የሚበልጠው በ3 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። 31 ዲግሪ የሆነ ጭስ 45 ዲግሪ የሆነ አየር ሰንጥቆ አይወጣም። ከሥሩ ይነጠፋል፣ እንደ ጠዋት ጉም። ጣሪያው ላይ ያለው ዲቴክተር ምንም አያይም፤ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው እንግዳ ግን በሩን ሲከፍት ጭስ ውስጥ ይቆማል።

ሌሊት ሲሆን ጣሪያው ይቀዘቅዛል፣ ያኔ ጸሐፊው እንዳሉት ጭሱ እስከ መስታወቱ ይወጣል። ስለዚህ ጣሪያው ሥር ያለው ዲቴክተር አያስፈልግም አልልም። ብቻውን አይበቃም ነው የምለው። ቢም በሁለት ከፍታ ይሰቀላል፦ አንዱ ላይ፣ ሌላው መሃል ላይ፣ ለምሳሌ ሦስተኛ ፎቅ አካባቢ። የመሃሉ ላይ ጭሱ ገና ስላልሰፋ ቢሞቹ ተቀራርበው መሄድ አለባቸው። እዚህም አንድ ጥንቃቄ አለ። ቢሙ በመስታወት በኩል የምትገባ ፀሐይ ፊት ለፊት እንዳይመታው፣ ጠዋትና ማታ የፀሐይዋን መንገድ ቆሞ ማየት ነው።

አስፓይሬቲንጉ

ግሩም ዕቃ ነው። ቱቦ ይዘረጋል፣ ቱቦው ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ፋን አየሩን እየሳበ ወደ ማሽኑ ያመጣል፣ ማሽኑ በሌዘር ይመረምራል። ሰርቨር ያለበት ክፍል፣ ማቀዝቀዣ መጋዘን፣ ሰው የማይደርስበት ከፍታ ላይ እኔም እመክረዋለሁ። ለአትሪየም ጭምር። ቱቦውን ምሰሶ ይዞ ቀጥ አድርጎ በየፎቁ ቀዳዳ መተው ይቻላል፤ ጭሱ የትም ከፍታ ላይ ቢነጠፍ አንዱ ቀዳዳ ያገኘዋል። ማሽኑ መሬት ላይ ስለሚቀመጥ ጥገናው መሰላል አይፈልግም። በዚህ ጸሐፊው ከእኔ ጋር ናቸው።

«ከሁሉም ይበልጣል» ላይ ነው የምንለያየው። ማሽኑ በሜትር 0.1 ከመቶ የሚሆን ጭስ ያያል እንበል። በቱቦው ላይ 40 ቀዳዳ ካለና ጭስ የገባው በአንዱ ብቻ ከሆነ፣ ያ ጭስ ከ39 ቀዳዳ ንጹህ አየር ጋር ነው የሚቀላቀለው። ስለዚህ በዚያች ቀዳዳ በኩል የገባው ጭስ በሜትር 4 ከመቶ መሆን አለበት። ይህ የተራ ስሞክ ዲቴክተር አካባቢ ነው። ጭሱ ሰፍቶ በብዙ ቀዳዳ ከገባ ትልቁን ጉልበቱን ታያላችሁ። ጠባብ ክፍሎችን በአንድ ቱቦ ለማገናኘት ከገዛችሁት ግን የከፈላችሁበትን ጉልበት አታዩትም።

ኩሽና ውስጥ ደግሞ አይታሰብም። የቅባት ጭስ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ቱቦውን ይለብሳል፣ መመርመሪያው ድረስ ይዘልቃል። ሎቢም ውስጥ በከፍተኛ ስሜቱ ከተስተካከለ ዕጣኑ ራሱ ያስጮኸዋል። ከሰዓት በኋላ ቡና የሚፈላበት ሆቴል ውስጥ እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ። ልጅቷ ከሰል ላይ ዕጣን ጣል አደረገች፣ አምስት ፎቅ እንግዳ ወረደ። ስሜቱን ዝቅ አድርጎ መመለስ ነበር፤ ግን ያኔ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ነገር ምን እንደሆነ ባለቤቱ ቢጠይቅ መልስ የለኝም።

ዱቄት፣ ሲሚንቶ ወይም እህል ያለበት መጋዘን ውስጥ ፊልተሩ ቶሎ ይሞላል። ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ የአየሩ ፍሰት ይቀንሳል፤ ማሽኑም የፍሰት ፎልት ይሰጣል። ይህ መልካም ነው። መጥፎው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ፎልቱ የሰለቸው ሰው ቱቦውን በመንፋት ፈንታ የፍሰቱን ገደብ ያሰፋዋል። መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ግማሹ ቱቦ ደንቁሯል። አስፓይሬቲንግ ያለው ሰው የመጨረሻዋ ቀዳዳ ላይ የፈተና ጭስ አድርጎ በሰዓት ይያዝ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልተሰማ አንድ ነገር ተደፍኗል።

በመጨረሻ መብራት። ሂት ዲቴክተር የሚበላው ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አስፓይሬቲንግ ግን ቀን ከሌት የሚዞር ፋን አለው። ማሽኑ 10 ዋት ቢበላ በ24 ቮልት ሲታሰብ 0.4 አምፔር ነው። መብራት ጠፍቶ 24 ሰዓት ልቆይ ብትሉ፣ ለእሱ ብቻ ወደ 10 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያስፈልጋል። ፓኔሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማገኘው ባትሪ 7 የሚል ነው፤ እሱም የሦስት ዓመት ዕድሜ ያለው። መብራት አመሻሽ ላይ ቢሄድ ፋኑ ነግቶ ረፋድ ላይ ሳይደርስ ይቆማል። ስለዚህ ዕቃውን ለምትገዙ ሁሉ፣ ዋጋ ስትጠይቁ የባትሪውን አምፔር ሰዓት አብራችሁ አስጽፉ።